ዘጠነኛዋ መስመር

ሲምቦ ስድስተኛ ክፍልን በሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀች ሴት ናት። ይህን ያልሰማ ሐበሻ ጅቡቲ ውስጥ ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ሲምቦን አግኝቷት አያውቅም። ሆዳን ሰፈር በየቤቱ ተቀጥረው የሚያድሩት የአገሯ ልጆች የመድኃኒት ወረቀት ሲሰጣቸው፣ ውል ፈርሙ ሲባሉ፣ ስልካቸው በፈረንሳይኛ ሲያፈጥባቸው፣ ይዘው የሚሮጡት ወደ እሷ ነው። «ዳይሬክተሯ» ይሏታል፤ ግማሹ ለቀልድ፣ ግማሹ ከልብ። እሷም ስሙን አልጠላችውም። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚለው ተረት አለ አይደል? እሷም ታውቀዋለች፤ ስለ ሌላ ሴት የተተረተ ይመስላት ነበር እንጂ።

ልጇ ኢማን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ድሬዳዋ አያቷ ዘንድ ስታድግ ቆይታ፣ አያቷ ሲያርፉ ከሦስት ወር በፊት እናቷ አስመጣቻት። አስመጣቻት እንጂ አብራት አልኖረችም። ሲምቦ የማዳም ዙሌይካ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ናት፤ የስድስት ወሩን ጅብሪልን በጡጦ የምታጠባው፣ የምታጥበው፣ የምታስተኛው እሷ ናት። «አንቺ ትበቂኛለሽ፣ ልጅ ግን አትጨምሪልኝ» ብላታለች ማዳም በመጀመሪያው ቀን። ስለዚህ ኢማን ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ሐዲጃ ከምትባል ጎረቤት ጋር ታድራለች። ሐዲጃ ጠዋት ጠዋት ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝታ ትመጣና ከሰዓት በኋላ ገበያ ላይ ትቸረችራለች። እናትና ልጅ በአካል የሚገናኙት ዓርብ ብቻ ነው።

በሌሎቹ ቀናት የሚያገናኛቸው የቤት ሥራ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ የኢትዮጵያውያኑ ትምህርት ቤት፣ አንድ ሕግ አለው፤ ማንኛውም የቤት ሥራ ወላጅ አይቶት «ታይቷል» ተብሎ ካልተፈረመበት መምህሯ አትቀበልም። ሐዲጃ ደግሞ ከስሟ በላይ አትጽፍም። እናም የመግሪብ ሶላት ካለፈ በኋላ ሐዲጃ ደብተሩን በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ በዋትስአፕ ትልካለች፣ ሲምቦ በማዳም ወጥ ቤት ውስጥ እራቱን እያሞቀች ታያለች፣ ትደውላለች፣ ታርማለች፣ ከዚያ ሐዲጃ በሲምቦ ስም ትፈርማለች። ከአሥሩ አዳሪ ሠራተኛ እናቶች ዘጠኙ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት እንዲህ ነው።

የዚያ ሰኞ ወረቀት ግን እንደሌላው ቀን አልነበረም። ኢማን ከድሬዳዋ ስትመጣ የውጤት ካርዷን ስላላመጣች እስካሁን በጠዋቱ ፈረቃ በሙከራ ነው የምትማረው። ትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ክፍል ሞልቶበታል፤ ያለው ክፍት ቦታ ሁለተኛ ወይም አራተኛ ነው። በአማርኛው አለፈች። በሒሳቡ ክፍልፋይ አልተማረችም ነበርና መምህርት መነን «ለሁለት ሳምንት ላስተምራትና አንድ ወረቀት ትሥራ» ብላ ለመነችላት። ወረቀቷ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ርእሰ መምህሩ አቶ ገብረማርያም ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለባት። አራተኛ ክፍል የጠዋት ፈረቃ ነው፤ ሐዲጃ ልታደርሳትም ልትመልሳትም ትችላለች። ሁለተኛ ክፍል ግን ከሰዓት ነው፣ ሐዲጃ ደግሞ ከሰዓት ገበያ ናት። ሁለተኛ ክፍል ከገባች ልጅቱን የሚያደርሳት የሚመልሳት ሰው የለም ማለት ነው። ያ ከሌለ ደግሞ ድሬዳዋ አጎቷ ቤት፣ በሰባት ልጆች ላይ ስምንተኛ ሆና ትመለሳለች። ሲምቦ ይህን ነገር ባሰበችው ቁጥር እጇ ላይ ያለው ዕቃ ይወድቃል።

ፎቶው ሲደርሳት ገና ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከፈተችው። ሐዲጃ እንደ ልማዷ አጣማ አንስታዋለች፤ የራሷ ጥላ ወረቀቱ ላይ ተጋድሟል፣ አምፖሉ ደግሞ መሐሉን አንጥቶታል። ስድስት ጥያቄ አለ። አምስቱን ቶሎ አየቻቸው፤ ደህና ናቸው። ስድስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ስምንተኛ ሲደመር ሦስት ስምንተኛ። በቁጥር መስመር ሥለሽ አሳዪ።»

ኢማን በማስመሪያ አንድ ረጅም መስመር አስምራለች። ግራ ጫፉ ላይ ዜሮ፣ ቀኝ ጫፉ ላይ አንድ ጽፋለች። በመሐሉ ትንንሽ ቁም መስመሮች ተደርድረዋል፤ በአንደኛዋ ላይ ነጥብ አድምቃ ከሥሯ አምስት ስምንተኛ ብላለች። ሲምቦ ፎቶውን በሁለት ጣቷ ለጥጣ፣ ከዜሮዋ ጀምራ ቁም መስመሮቹን ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ነጥቧ ያለችው ስድስተኛዋ ላይ ነው! እስከ መጨረሻው ቆጠረች፤ ዘጠኝ መስመር ሆነ።

«ወይኔ ልጄ!» አለችና ደወለች።

«እማ!» አለች ኢማን፣ ስልኩ ገና ሳይጠራ ያነሳችው ይመስል።

«ኢማንዬ፣ ስምንተኛ እኮ ነው የሚለው። ታህቱ ስምንት ነው። አንቺ ዘጠኝ መስመር አስምረሻል።»

«ዘጠኝ ናቸው እማ። ዜሮዋ አትቆጠርም ብላለች ቲቸር።»

«ካልተቆጠረች ታዲያ ለምን አሰመርሻት?»

ከወዲያ የወረቀት ኮሽታ ተሰማ።

«ስምንት መስመር ነው የሚያስፈልገው። የመጨረሻዋን አጥፊያትና አንድን ከሷ በፊት ያለችው ላይ ጻፊ። ነጥቧንም ወደ አምስተኛዋ አምጫት። አምስት ስምንተኛ ብለሽ ስድስተኛዋ ላይ ታደርጊያለሽ እንዴ? ስትቸኩዪ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።»

«ግን ቲቸር ዝላዩን ቁጠሩ…»

«ኢማን! እኔና አንቺ ማን ነው የተማረው?»

«አንቺ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «እሺ እማ። አጥፍቼ እልክልሻለሁ። ትደውያለሽ አይደል?»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለተኛው ፎቶ መጣ። ስምንት መስመር፣ ነጥቧ አምስተኛዋ ላይ። ሲምቦ ደውላ «እሰይ የኔ ጎበዝ!» አለች፣ ትንሽ አወሩ፣ ሐዲጃ ፈረመች። ሲምቦ ያንን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛች።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጅብሪል በረሃብ ይጮኻል። ማዳም ሥራ ሄዳለች። ሲምቦ ጡጦውን አጥባ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘውን ውኃ ልትጨምርበት አነሳችው። የዚህ ቤት ጡጦ ጎኑ ላይ ስምንት መስመሮች አሉት፤ ለአንድ መስመር ውኃ አንድ ማንኪያ የዱቄት ወተት ነው። አምስት መስመር ውኃ፣ አምስት ማንኪያ ወተት። ስድስት ወር ሙሉ በቀን አምስት ጊዜ ስትቆጥረው የኖረችው ቁጥር ነው፤ ዓይኗን ጨፍናም አትስተውም።

ውኃውን ማንቆርቆር ጀመረች። ውኃው ከታቹ ተነሥቶ፣ መስመር የሌለበትን ባዶ ጎን እየሞላ ወጥቶ ወጥቶ የመጀመሪያዋን መስመር ነካ። «አንድ» አለች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ።

አንድ ያለችው መስመሯን አልነበረም። ከታቹ እስከ መስመሯ ያለውን ውኃ ነው። መስመሯ አንዱ ያለቀበት ቦታ ናት እንጂ አንዱ አይደለችም። ታቹ ዜሮ ነው፤ እዚያ መስመር የለም፣ ጡጦው ራሱ ስላለቀ ማስመር አላስፈለገም። ታቹ ላይ መስመር ቢሰመርበት ኖሮስ? ቆጠረች። ከታች ወደ ላይ፣ በጣቷ ጥፍር እየነካች። ዘጠኝ።

«ያ አላህ» አለች። «ዜሮዋ አትቆጠርም ብላኝ ነበር እኮ!»

ክው አለች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይኸው ነው። ልጅቱ ስምንት ክፍል ለማግኘት ዘጠኝ መስመር አስምራለች፤ እናቷ ከጡጦ የተማረችውን ሒሳብ ይዛ አንዷን አስጠፋቻት። ስምንት መስመር የሚሰጠው ሰባት ክፍል ነው። አምስተኛዋ መስመር ላይ ያለችው ነጥብም ከዜሮ የራቀችው አራት ክፍል ብቻ ነው። ከሥሯ አምስት ስምንተኛ ይላል፣ ሥዕሉ ግን አራት ሰባተኛ ነው። ከዚያ በላይ ውሸት አለ? ለጅብሪል ወተቱን በጠበጠችለት፤ እያጠባች በአንድ እጇ ስልኳን አነሳች።

ሐዲጃ ስልኳ አይጠራም። ወደ ትምህርት ቤቱ ደወለች፤ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። እንደገና ደወለች። እንደገና። አራት ሰዓት ሊሆን አንድ ሰዓት ከሩብ ቀርቶታል። ሕፃን ትታ አትወጣ፣ ይዛ ብትወጣ ማዳም በአንድ ቃል ታባርራታለች፤ ብትባረር ደግሞ የኢማን ትምህርት በምን ይከፈላል? ቁጭ ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። አላለቀሰችም፤ ለማዳም ደወለች።

ዙሌይካ ወደብ አካባቢ ቢሮ የምትሠራ፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ሲምቦ በተሰባበረ ዓረብኛዋ፣ ሲያቅታት ሶማልኛ እየቀላቀለች ነገረቻት። ስለ ክፍልፋይ ልታስረዳት ሞክራ ተወችው። «ልጄን አሳሳትኳት» አለች በመጨረሻ። «ትክክለኛውን አስጠፋኋት። ካልደረስኩ ትሄድብኛለች።»

 

«ለጅብሪል ኮፍያ አድርጊለት» አለች ማዳም። «ከሰባት ሰዓት በፊት ቤቱ ውስጥ ላግኘው። ከዘገየሽ ጓዝሽን ይዘሽ ውጪ።» ስልኩ ተዘጋ።

ጅብሪልን በነጠላ ጀርባዋ ላይ አዝላ ወጣች። ፀሐዩ ከወዲሁ ጭንቅላት ይበሳል። ሚኒባሱ እስኪሞላ አልንቀሳቀስ አለ፤ ረዳቱ «መሐል ከተማ! መሐል ከተማ!» እያለ አንድ ሰው ሲቀረው ሁለት ሊጭን ይጠብቃል። «ሂድ እንጂ ወንድሜ፣ በአላህ!» አለችው። በሶማልኛም አለችው። ሰዓቷን አየች፣ ደግማ አየች። መንገድ ላይ የጭነት መኪና ቆሞ መንገዱን ዘጋ። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አንዷ ወይዘሮ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ሰላምታ ታበዛለች። ሲምቦ ሁሉንም ጠላቻቸው። ከሁሉ የጠላችው ግን ራሷን ነበር። «ማን ነው የተማረው አልሻት አይደል? ይኸው የተማርሽው!» እያለች ለራሷ ስታጉረመርም አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ ፈቀቅ አሉ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀራል። ዘበኛው ከነሕፃኑ አይቷት አልከለከላትም። ባዶ ክፍል ውስጥ መምህርት መነን ቆማለች፤ ሃምሳውን የተሻገረች፣ መነጽሯን አናቷ ላይ የምትሰቅል፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት። ጠረጴዛዋ ላይ የኢማን ወረቀት አለ። ኢማን ራሷ ጠመኔ ይዛ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማለች።

«የኢማን እናት ነሽ?» አለች መነን ዞር ብላ። «በጥሩ ጊዜ መጣሽ። መልሷ ልክ ነው፣ ሥዕሏ ስህተት ነው። እንዲህ ሲሆን አቶ ገብረማርያም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ መልሱን ሰው ነግሯታል። እኔ ደግሞ ላጲስ ያለፈበትን አየሁና አንድ ሌላ ልስጣት ብዬ ነው። ቁጭ በይ፣ አታናግሪያት።»

ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፦ ግማሽ ሲደመር ሩብ።

ኢማን እናቷን አየቻት። ፊቷ መጀመሪያ በራ፣ ከዚያ ጭንቅ ገባው። ረጅሙን መስመር አሰመረች። ዜሮ ጻፈች። ቁም መስመሮቹን ልታደርግ ጠመኔውን አነሳችና ቆመች፤ እንደገና እናቷን አየቻት። ከዚያ አደረገቻቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛዋ ላይ አንድ ብላ ጻፈች።

አራት መስመር፣ ሦስት ክፍል። የእናቷ ሒሳብ። ሲምቦ በተቀመጠችበት ደረቀች።

«እሺ» አለች መነን። «ግማሽ የት ነው?»

ኢማን ሁለተኛዋ መስመር ላይ ጣቷን አደረገች፤ አነሳች። ሦስተኛዋ ላይ አደረገች፤ አነሳች። ግማሹ ያለው በሁለቱ መሐል፣ ምንም መስመር በሌለበት ባዶ ቦታ ነው። ልጅቱ ይህንን አይታዋለች። ግን አላጠፋችውም። እናቷ ፊት የእናቷን ሥራ እንዴት ታጥፋ?

ሲምቦ ብትናገር ልጇን ትረዳታለች ተብሎ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ዝም ብትል ኢማን ዓይኗ እያየ ትወድቃለች። ደግሞም እፍረቱ አለ፤ ሐሰት ምን ያደርጋል። ዳይሬክተሯ! ይሁን እንጂ ተነሣች።

«ቲቸር፣ መልሱን አልነግራትም። እኔ ራሴ አላውቀውም» አለች። «የወረቀቱን ሥዕል ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ልክ ሠርታው ነበር። ዘጠኝ መስመር ነበረው፣ አንዷን አጥፊ አልኳት። ከዜሮዋ ጀምሬ ስለቆጠርኩ ነው። ይኸው፣ ሳይጠፋ በፊት ያለው ፎቶ አለኝ።»

መነን መነጽሯን ከአናቷ አውርዳ ስልኩን ተቀበለች። የትናንቱን የመጀመሪያውን ፎቶ ለጠጠችው። የአምፖሉ ብርሃን ያነጣውን ቦታ ስልኩን ወደ ጥላ አዙራ አየችው። ሲምቦ ትናንት ያላየችውን እሷ አየች፤ ከመስመሩ በላይ በስሱ እርሳስ የተሠሩ ቀስት ቀስት የሚመስሉ ዝላዮች ነበሩ።

«ዜሮ ላይ ቆማለች» አለች መነን ለራሷ እንደምታወራ፣ በእርሳሷ ጫፍ እየተከተለች። «አንድ ዝላይ፣ ሁለት። ሁለት ስምንተኛ። ከዚያው ካለችበት ተነሥታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዜሮ አልተመለሰችም፤ ብዙዎቹ ይመለሳሉ። አምስት ዝላይ። ጠቅላላው ክፍተት…» ቆጠረች፣ ሁለተኛ ጊዜም ቆጠረች። «ስምንት። ሦስተኛው ክፍተት ትንሽ ጠበብ ብሏል፣ ማስመሪያው ተንሸራቶባት ነው። ነጥቧ ልክ ናት።»

ሲምቦ ስልኩን ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

«ግን ፎቶ ለአቶ ገብረማርያም አይበቃቸውም» አለች መነን። «ፎቶውንም ሰው ሠራላት ይሉኛል። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራቸው።»

ሲምቦ ወደ ሰሌዳው ዞረች። «ኢማን፣ እኔን ተዪኝ። አንቺ የምታውቂውን ሥሪ።»

«አንቺ ነሽ እኮ እንዲህ ያልሽው» አለች ኢማን።

«ተሳስቼ ነው።»

ኢማን ይህን ቃል ከእናቷ አፍ ሰምታው አታውቅም። ከዚያ በመዳፏ ሰሌዳውን ጠረገች፣ አዲስ መስመር አሰመረች፣ አምስት ቁም መስመር አደረገችበት፤ በመሐላቸው አራት ክፍተት። ከዜሮ ተነሥታ ሁለት ዘለለች።

«ግማሽ ብዬሽ ለምን ሁለት ዘለልሽ?» አለች መነን።

«ግማሽ ሁለት ሩብ ስለሆነ።» ከዚያው አንድ ዘለለች፣ ነጥቧን አድርጋ ሦስት አራተኛ ብላ ጻፈችበት።

መነን ወረቀቱን አንስታ ጫፉ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ፈረመች፣ ወጣች። እናትና ልጅ ጠበቁ። ጅብሪል ነቅቶ የሲምቦን ፀጉር ይጎትታል። ሲምቦ የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሳ ሁለተኛ ዙር ጀምራ ነበር መነን ስትመለስ።

«ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ትምጣ» አለች። «አራተኛ ክፍል። ማስመሪያዋን ግን አጥብቃ ትያዝ።»

ሲምቦ የመነንን እጅ ልትስም ጎንበስ ስትል መነን እጇን ሸሸገች። ወደ ግቢው ከወጡ በኋላ ሲምቦ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እያለቀሰች ሳቀች፣ ኢማንን ጉንጯን ሳመቻት፣ ግንባሯን ሳመቻት። ሰዓቷን አየች፤ ማዳም ከመግባቷ በፊት ለመድረስ በቂ ጊዜ አለ።

«ኢማንዬ፣ ትናንት ልክ እንደሆንሽ አላወቅሽም ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አጠፋሽው? ለምን አልተከራከርሽኝም?»

ኢማን የጅብሪልን ትንሽ እግር ይዛ አቀረቀረች። «ልክ ነው ካልሽኝ ስልኩን ትዘጊያለሽ» አለች። «ስህተት ከሆነ ግን አጥፍቼ እንደገና ፎቶ እልካለሁ፣ አንቺም እንደገና ትደውያለሽ።»

ሲምቦ ከስድስቱ ጥያቄ አምስቱን እንዴት በአንድ ትንፋሽ እንዳየቻቸው፣ ደህና ሲሆኑ እንዴት ቶሎ እንደምትዘጋ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ኢማን ስንት ጊዜ ስንት ነገር እንደተሳሳተች አሰበች። ልጇን ወደ ጎኗ ሳበቻት፤ ጅብሪል ጀርባዋ ላይ እየተወራጨ ሳለ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።